ብሩ ለአጭበርባሪ ተልኳል፤ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ምን ይደረግ?

በሞባይል ባንኪንግ ወይም በቴሌብር ለአጭበርባሪ የተላከ ብር እንደተላከ ወዲያው አይጠፋም። መጀመሪያ የሚገባው የሆነ ሰው ሂሳብ ውስጥ ነው። እዚያ ጥቂት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ሰዓታት ይቆያል። የመጀመሪያው ሰዓት ዋጋ ያለው ለዚህ ነው። ብሩ ከዚያ ሂሳብ ሳይወጣ ከተያዘ የሚመለስበት መንገድ አለ። ከወጣ በኋላ ግን ፍለጋው ገንዘብን ከመከተል ይልቅ ሰውን ወደ መፈለግ ይዞራል። ይህ ደግሞ ወራት ይፈጃል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሴትየዋን ሰብለ እንበላት። ከቀኑ 9፡10 ላይ በአክስቷ ቴሌግራም መልእክት ይደርሳታል። “አንድ ሰው ጋ ብር መላክ ነበረብኝ፣ የእኔ ባንክ አልሠራ አለኝ፣ 24 ሺህ ብር ላኪልኝና ማታ እመልስልሻለሁ” ይላል። ፎቶው የአክስቷ ነው፣ ቁጥሩም የአክስቷ ነው። የሂሳቡ ስም ብቻ የማታውቀው ሰው ነው። ትልካለች። 9፡22 ላይ አክስቷ በሌላ ስልክ ትደውላለች፤ “ቴሌግራሜን ጠልፈውታል፣ ብር ከጠየቁሽ እንዳትልኪ!” 

12 ደቂቃ አልፏል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ሦስት ነገር አለ፤ አጭበርባሪውን መሳደብ፣ ቤተሰብ ሰብስቦ መመካከር፣ ወይም “ነገ ጠዋት ባንክ እሄዳለሁ” ማለት። ሦስቱም ለሌባው ጊዜ ይሰጡታል።

ብሩ ከተላከ በኋላ የት ይሄዳል?

አጭበርባሪዎች ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ስም በተከፈተ ሂሳብ አይቀበሉም። በትንሽ ገንዘብ የተከራዩት፣ ወይም “ብር ይገባልሃል፣ አውጥተህ ስጠኝ” ብለው ያግባቡት ሰው ሂሳብ ይኖራል። ብሩ እዚያ ይገባል። ከዚያ ወደ ሌላ ባንክ ይሻገራል፣ ወይም ወደ ቴሌብር ይዞርና ከወኪል በጥሬ ይወጣል፣ ወይም በኤቲኤም ይወጣል።

ታክሲ እየቀያየረ የሚሸሽ ሰው አስቡ። የመጀመሪያው ታክሲ ውስጥ እያለ የታርጋ ቁጥሩን የያዘ ሰው ሊያስቆመው ይችላል። ወርዶ ሌላ ከተሳፈረ በኋላ ግን የመጀመሪያውን ታክሲ ማስቆም የሚነግራችሁ የት እንደወረደ ብቻ ነው።

የታርጋ ቁጥሩ በእጃችሁ አለ። ዝውውሩ የተመዘገበበት ቁጥር ነው። በንግድ ባንክ ደረሰኝ ላይ FT ብሎ የሚጀምረው ነው። በቴሌብር ደግሞ ከ127 በሚመጣው የማረጋገጫ መልእክት ውስጥ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ሆኖ ይገኛል። ባንክም ፖሊስም ጉዳዩን የሚከተለው በዚህ ቁጥር ነው። ስም ይመሳሰላል፣ ሂሳብ ቁጥር በጥድፊያ ይሳሳታል። ይህ ቁጥር ግን የአንዷ ዝውውር ብቻ ነው።

ከመደወል በፊት የማየው ነገር አለ?

አንድ ጥያቄ አለ፤ መልሱ ግን የሥራውን ቅደም ተከተል ይቀይራል። ብሩን የላካችሁት እናንተ ናችሁ ወይስ ሌላ ሰው ሂሳባችሁ ውስጥ ገብቶ ነው የወሰደው?

ሰብለ ራሷ ናት የላከችው። ፒኗን ለማንም አልሰጠችም። የእሷ ሂሳብ በር አልተከፈተም፤ የሚያሳስበው የሄደው 24 ሺህ ብቻ ነው። እሷ በቀጥታ ወደ ጥሪው ትሄዳለች።

ነገር ግን ደዋዩ “ከባንክ ነው የምንደውለው” ብሎ ፒን ወይም በመልእክት የመጣ ኮድ ተቀብሏችሁ ከሆነ፣ ወይም የላከላችሁን አፕ ጭናችሁ ከሆነ፣ ሌባው ገና ቤት ውስጥ ነው። የቀረውንም ሊወስድ ይችላል። ያኔ የመጀመሪያው ሥራ የራሳችሁን ሂሳብ ማዘጋት ነው። ስልኩ ላይ አፕ ከጫናችሁ ዳታና ዋይፋዩን አጥፉና በሌላ ሰው ስልክ ደውሉ። በዚያ በተጠለፈ ስልክ ላይ ፒን መቀየር አዲሱንም ፒን ለሌባው ማሳየት ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ውጭ ከመደወል በፊት የሚሠራው የአንድ ደቂቃ ሥራ ብቻ ነው። የደረሰኙን ስክሪንሾት አንሡ፣ የቴሌግራሙን ወይም የዋትስአፑን ንግግር ከላይ እስከ ታች ስክሪንሾት አንሡ፣ የላኪውን ስልክ ቁጥርና የተጠቃሚ ስም ጨምሩ። ቴሌግራም ላይ ሌላው ወገን ንግግሩን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ስለዚህ “በኋላ አነሣዋለሁ” አያዋጣም። ደግሞ ለአጭበርባሪው እንደነቃችሁበት አትንገሩት። ገና ብሩን ያላወጣ ሰው ያን ሲሰማ ወደ ኤቲኤም ይሮጣል። ብሎክ ማድረጉም ቢሆን ይቆይ።

ለማን ነው የሚደወለው?

ብሩ ለወጣበት ባንክ ነው። ንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ ቴሌብር ከሆነ 127። ሌሎቹ ባንኮችም የየራሳቸው አጭር ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩን ከባንኩ አፕ ወይም ከኤቲኤም ካርዱ ጀርባ ውሰዱት። ጎግል ወይም ፌስቡክ ላይ “የባንክ ደንበኞች አገልግሎት” ብሎ የሚመጣውን ቁጥር አትመኑ። ከእነዚህ አንዳንዶቹን የከፈቱት ራሳቸው አጭበርባሪዎች ናቸው።

ብሩ ወደ ሌላ ባንክ ከሄደ ለዚያኛውም ባንክ ደውሉ። የእናንተ ባንክ የሌላ ባንክ ሂሳብ ላይ እጁን አያስገባም፤ መልእክት ማስተላለፍ ብቻ ነው የሚችለው። እናንተ በቀጥታ ስትደውሉ ያ መልእክት የሚወስደው ጊዜ ያጥራል። “የእኛ ደንበኛ አይደሉም” ሊሏችሁ ይችላሉ። እውነት ነው፤ ሂሳቡ ግን እነሱ ጋ ነው፣ የማጭበርበር ጥቆማ ለመቀበል ደግሞ ደንበኛ መሆን አያስፈልግም።

ወረፋው ከረዘመ አንዱ ይደውል፣ ሌላው ወደ ቅርብ ቅርንጫፍ ይሂድ። ሰብለ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነው ከቢሮ የወጣችው። ይህ ትክክለኛው አካሄድ ነው። ቅርንጫፍ ላይ መታወቂያችሁን አሳይታችሁ በጽሑፍ ማመልከት ትችላላችሁ፤ የጽሑፍ ማመልከቻ ደግሞ ከስልክ ጥሪ የበለጠ ክብደት አለው።

ምን ብዬ ነው የምናገረው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። “ብሬን መልሱልኝ!” ይላል። ሠራተኛዋም “አንዴ የተላከ መመለስ አንችልም” ትላለች። ንግግሩ እዚያ ያልቃል።

ለምን አይመልሱም? ባንኩ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። አንድ ሰው ስልክ ገዛ እንበል። 30 ሺህ ብር በሞባይል ላከ፣ ስልኩን ተቀበለ፣ ከሱቁ ወጣ። ከዚያ ባንክ ደውሎ “ተጭበርብሬያለሁ፣ ሪቨርስ አድርጉልኝ” አለ። ባንኩ በቃሉ ብቻ ቢመልስለት የተጭበረበረው ነጋዴው ይሆን ነበር። ስለዚህ ተቀባዩ ካልፈቀደ ወይም የሕግ አካል ካላዘዘ፣ ባንኮች ከሰው ሂሳብ ብር አውጥተው መልሰው አይሰጡም።

ነገር ግን መመለስና መያዝ የተለያዩ ናቸው። መያዝ ማለት ብሩ ባለበት ሂሳብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ማንም ግን አያወጣውም ማለት ነው። መያዝ የማንንም መብት ለዘለቄታው አይነጥቅም፤ ነገሩ እስኪጣራ ብቻ ነው። ስለዚህ የምትጠይቁት ይህን ነው። እንዲህ በሉ፤

“ተጭበርብሬ ብር ልኬያለሁ። ዛሬ ከቀኑ 9፡10 ላይ፣ 24 ሺህ ብር። የዝውውሩ ቁጥር ይኸው። የተቀባዩ ሂሳብ ቁጥር ይኸው። ብሩ እንዳይወጣ ተቀባዩ ሂሳብ ለጊዜው እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። ጥቆማዬን መዝግቡልኝና የመዝገብ ቁጥሩን ንገሩኝ። የፖሊስ ደብዳቤ ይዤ እመጣለሁ።”

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ቀላል አይደለችም። ባንኩ ጉዳዩን በጊዜያዊነት ለመያዝ ከፈለገ ከጀርባው ሕጋዊ ወረቀት እንደሚመጣ ማወቅ ይፈልጋል። በስልክ ብቻ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል ግን ከባንክ ባንክ ይለያያል። አንዱ ወዲያው ለሚመለከተው ክፍል ያስተላልፋል፤ ሌላው “ቅርንጫፍ ይምጡ” ይላል። “አይቻልም” ከተባላችሁ “የማጭበርበር ጉዳዮችን የሚያየው ክፍል ጋ አገናኙኝ” በሉ። የሠራተኛውን ስምና የደወላችሁበትን ሰዓት ጻፉ። በኋላ ቅሬታ ማቅረብ ካስፈለገ በትክክለኛው ሰዓት እንዳመለከታችሁ የሚያሳየው ያ ማስታወሻ ነው።

ደግሞ የተቀባዩን ስልክና አድራሻ አትጠይቋቸው። የደንበኛ ምስጢር ስለሆነ አይነግሯችሁም፤ በዚያ ክርክር አሥር ደቂቃ ማባከን ይቻላል። ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ግን በሕጋዊ ጥያቄ ይሰጣሉ። ሂሳቡ የተከፈተው በመታወቂያ ስለሆነ ፖሊስ የሚጀምርበት ስም አለው።

ፖሊስ ጋ የምሄደው መቼ ነው?

ከባንኩ በቀጥታ፣ በዚያው ቀን። ብዙ ሰው ፖሊስን የሚያስበው ሌባ ለማስያዝ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን የፖሊስ የመጀመሪያ ጥቅሙ ሌላ ነው። ባንኩ ለጥቂት ጊዜ የያዘውን ብር እንደተያዘ የሚያቆየው ከሕግ አካል የሚመጣ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ካልመጣ ባንኩ የሰው ሂሳብ ያለ ምክንያት ዘግቶ ሊቀመጥ አይችልም፤ ይለቀዋል። እገዳው ረዘም እንዲል ደግሞ ጉዳዩ በፖሊስና በዐቃቤ ሕግ በኩል ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ጣቢያ ስትሄዱ መታወቂያ፣ በባንኩ ማኅተም የተደረገበት የዝውውሩ ማረጋገጫ ወይም የሂሳብ መግለጫ፣ የታተሙ ስክሪንሾቶችና የባንኩን የጥቆማ ቁጥር ያዙ። ስክሪንሾቱን በስልክ ብቻ ማሳየት አይበቃም፤ መዝገብ ውስጥ የሚገባው ወረቀት ነው። ማመልከቻው አጭር ይሁን። በስንት ሰዓት ምን ተባልኩ፣ ስንት ላክሁ፣ ከየትኛው ሂሳብ ወደ የትኛው፣ መቼ አወቅሁ፣ ባንኩን መቼ አሳወቅሁ። ሐዘንና ምሬት አንድ ገጽ ሲሞላ መርማሪው ሂሳብ ቁጥሩን ይፈልጋል።

አንዳንድ ጣቢያ “ራስህ ፈቅደህ ነው የላክኸው፣ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው” የሚል መልስ ሊገጥማችሁ ይችላል። ፈቅዶ መላክና ተታሎ መላክ አንድ አይደሉም። በሐሰት ነገር አሳምኖ የሰውን ገንዘብ መውሰድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ማታለል ተብሎ የሚያስጠይቅ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በኮምፒውተር ሥርዓት ስለሚፈጸም ማታለል ይናገራል። ይህን በትሕትና መናገር ይበቃል። ጠበቃ መሆን አይጠበቅባችሁም።

ሰብለ ምን አገኘች?

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። 9፡24 ላይ 951 ደወለች። 9፡40 ላይ ቅርንጫፍ ደርሳ ማመልከቻ ጻፈች። ሂሳቡ ሲታይ ከ24 ሺህው 15 ሺህ ብር ከገባ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ወደ ቴሌብር ወጥቷል። 9 ሺህው ግን አለ፤ እሱ ተያዘ። ከዚያ 15 ሺህው የሄደበት ቴሌብርም ጥቆማ እንዲደርሰው ተደረገ፤ እዚያ ግን ብሩ ከወኪል ወጥቶ ነበር።

9 ሺህውም ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ሰብለ ሂሳብ አልገባም። ተይዟል ብቻ። የሂሳቡ ባለቤት ተጠርቶ “የእኔ ብር አይደለም” ብሎ መመለሱን ከፈቀደ ነገሩ ያጥራል። ሂሳባቸውን ያከራዩ ሰዎች ፖሊስ ሲጠራቸው ብዙ ጊዜ የሚደነግጡት እዚህ ላይ ነው። ከካደ ደግሞ የፍርድ ቤት ትእዛዝ መጠበቅ ነው። ቀሪውን 15 ሺህ በተመለከተ ያለው ተስፋ ሰውየው ተይዞ እንዲከፍል መወሰኑ ነው። ባንኩ ከራሱ ኪስ እንዲከፍላት የምትጠይቅበት ምክንያት የለም፤ ትእዛዙን የሰጠችው እሷ ናትና። ባንኩ ጥቆማዋን ሰምቶ ምንም ሳያደርግ ቢቀር ግን ጉዳዩ ይለወጣል። መጀመሪያ ለባንኩ የቅሬታ ክፍል በጽሑፍ፣ መልሱ ካላረካት ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ትችላለች። የጻፈችው የሰዓት ማስታወሻ እዚህ ጋ ነው የሚፈለገው።

አክስትዬዋም ሥራ አላት። ቴሌግራም ውስጥ ቅንብሮች፣ ከዚያ መሣሪያዎች የሚለውን ከፍታ የማታውቀውን ስልክ ሁሉ ማስወጣት፣ ከዚያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ማብራት። ይህ እስኪሆን ድረስ ሌባው የሚቀጥለውን የእህት ልጅ እየጠየቀ ነው።

ውጭ አገር ሆኜ ብልክስ?

እዚህ ላይ ሰዓቱ ይበልጥ ያጥራል፤ ሕጉ ግን አንዳንዴ ይሻላል።

አሜሪካ ሆናችሁ በገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት ወደ ውጭ አገር ከላካችሁ የፌዴራል ደንቡ ከከፈላችሁ ጀምሮ 30 ደቂቃ ይሰጣችኋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሰረዛችሁና ብሩ ገና ካልተወሰደ ወይም ተቀባዩ ሂሳብ ካልገባ የአገልግሎት ክፍያውን ጨምሮ ይመለስላችኋል። ምክንያት አትጠየቁም። ስለዚህ መጀመሪያ ደረሰኙ ላይ ያለውን ቁጥር ደውላችሁ “ዝውውሩን ሰርዙልኝ” በሉ። ስለ ማጭበርበሩ ማውራት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ችግሩ ዛሬ ብዙው ዝውውር በደቂቃዎች ውስጥ አዲስ አበባ ያለ ሂሳብ ውስጥ መግባቱ ነው፤ ያኔ መሰረዝ አይቻልም፤ ተቀባዩ ባንክ እንዲይዝ መጠየቅ ይቀራል። ኢትዮጵያ ያለ ዘመድ በእናንተ ፈንታ ቅርንጫፍ እንዲሄድ ደረሰኙን ወዲያው ላኩለት።

በባንክ ዋየር የላካችሁ ደግሞ ባንኩን “ሪኮል አድርጉልኝ” በሉና በዚያው ቀን ic3.gov ላይ ለኤፍቢአይ አመልክቱ። ኤፍቢአይ ከባንኮች ጋር ተባብሮ ትልልቅ ዝውውሮችን ለማስቆም የሚሞክር ቡድን አለው፤ ጥቆማው ቶሎ ካልደረሰው ግን ብዙ አይረዳም። reportfraud.ftc.gov ላይ የምትሞሉት ቅጽ ብር አያስመልስም፤ መመዝገቡ ግን ለባንኩ የምታቀርቡት ማስረጃ ይሆናል።

እንግሊዝ ያላችሁ 159 ደውሉ፤ ከብዙዎቹ ባንኮች ጋር በቀጥታ ያገናኛል። ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ ተታሎ ለላከ ሰው ባንኮች እስከ 85 ሺህ ፓውንድ እንዲመልሱ ይገደዳሉ። ግን ይህ በእንግሊዝ ውስጥ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ለተላከ ብቻ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የተላከን አይሸፍንም።

ከዚያ በኋላ የሚደውለው ማን ነው?

ይህን ከወዲሁ ማወቅ ይበጃል። በቀናት ውስጥ፣ በተለይ ፌስቡክ ላይ “ተጭበርብሬያለሁ” ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ አንድ ሰው ይመጣል። “ሃከር ነኝ፣ አስመልስልሃለሁ” ይላል። ወይም “ከባንኩ የማጭበርበር ክፍል ነው፣ ብርዎ ተገኝቷል፣ ለማስለቀቅ 2 ሺህ ብር ይላኩ” ይላል። አንዳንዴ የላካችሁትን ብር መጠን በትክክል ያውቃል። የሚያውቀው ያው የመጀመሪያው ሰውዬ ስለሆነ፣ ወይም ዝርዝሩን ከእሱ ስለገዛ ነው።

እውነተኛው የባንክ ሠራተኛ ቀድሞ የሰጣችሁን የጥቆማ ቁጥር ያውቃል፤ ፒንና ኮድ አይጠይቅም። የተያዘ ብር የሚለቀቀው በደብዳቤና በትእዛዝ ነው እንጂ በአንድ ግለሰብ ቴሌብር በሚገባ ክፍያ አይደለም። ጥርጣሬ ካለባችሁ ስልኩን ዝጉና ራሳችሁ 951 ወይም 127 ደውላችሁ የጥቆማ ቁጥራችሁን ንገሯቸው፤ እውነት ከሆነ መዝገቡ ላይ ያገኙታል።